ስክሪኑ ላይ የበራው ፎቶ አልበሙ ላይ ለምን ይጨልማል?

በሰርግ ፎቶ የሚተዳደር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቅሬታ አለ። አልበሙ ከማተሚያ ቤት ይመጣል። የሙሽራዋ እናት መነጽራቸውን አድርገው አንድ ሁለት ገጽ ከገለጡ በኋላ ቀና ይሉና «ልጄ፣ ያን ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ስታሳየን እንዲህ ጠቁሬ ነበር እንዴ?» ይላሉ። ፎቶ አንሺው ወዲያው ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ «የላክልኝን ነው ያተምኩት» ብሎ ይመልሳል። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱ ያለው ማተሚያ ቤቱ ጋ ነው። ጨለማው ፋይሉ ውስጥ ነበር። ያስገባው ፎቶውን ኤዲት ያደረገው ሰው ነው፤ እሱን ያሳሳተው ደግሞ ከፊቱ የተቀመጠው ሞኒተር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሱቅ ነው። ሞኒተር ከካርቶን ሲወጣ ገዢን እንዲማርክ በጣም እንዲደምቅ ተደርጎ ነው የሚመጣው። የስክሪን ድምቀት የሚለካው በካንዴላ በካሬ ሜትር ነው፤ ባለሙያዎች አሳጥረው ኒት ይሉታል። አዲስ ሞኒተር ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 350 ኒት ያበራል። ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። የሚመልሰው ክፍሉ ውስጥ ያለውን ብርሃን ብቻ ነው፤ ስንት ኒት እንደሚሆንም በቀላሉ ሊሰላ ይችላል። ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሉክስ ይለካል፣ ጥሩ ነጭ ወረቀት የሚመልሰው ዘጠና በመቶ ያህሉን ስለሆነ በ0.9 ይባዛል፣ ከዚያ ለ3.14 ይካፈላል። ጠረጴዛው ላይ 350 ሉክስ ቢኖር የወረቀቱ ነጭ 100 ኒት ገደማ ይሆናል።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሞኒተሩ 300 ኒት ያበራል፣ አልበሙ ሳሎን ውስጥ ሲታይ 100 ኒት ላይ ይቆያል። የሦስት እጥፍ ልዩነት ነው፤ በካሜራ ቋንቋ ከአንድ ስቶፕ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ፎቶ አንሺው ስክሪኑ ላይ የሙሽራዋ ፊት ከልክ በላይ በርቶ ስለሚታየው ኤክስፖዠሩን ወደ ታች ይስበዋል። ለዓይኑ ልክ ሲሆን ያቆማል፣ ፋይሉን ይልካል። ወረቀቱ ያንን የጎደለ ብርሃን ከየትም አያመጣም።

ስለዚህ ለፎቶ ሥራ ሞኒተር የሚያስተካክል ሰው መጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄ «ስንት ኒት?» የሚል ነው። የተለመደው መልስ ከ80 እስከ 120 ያለው ክልል ነው። ኤስአርጂቢ የተባለው የቀለም መስፈርት ራሱ የተጻፈው ስክሪኑ 80 ኒት እንደሚያበራ ታስቦ ነው፤ ነገር ግን ያ መስፈርት የሚያስበው ክፍል በጣም ደብዛዛ ነው፣ 64 ሉክስ ብቻ። መስኮት ባለው ቢሮ 80 ኒት የሞተ ስክሪን ይመስላል። እኔ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ከመውሰድ ይልቅ ከወረቀቱ መነሳትን እመርጣለሁ። የታተመ ፎቶ የሚገመገምበት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ብርሃን በሉክስ መለኪያ መለካትና ከላይ ባለው ስሌት ወደ ኒት መቀየር ነው። መለኪያ የሌለው ሰው ደግሞ ነጭ የፎቶ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይዞ፣ ስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ከፍቶ፣ የሁለቱ ነጭ እስኪቀራረብ ብራይትነሱን ዝቅ ማድረግ ይችላል። ዓይን ድምቀትን ብቻውን ሲያይ ክፉኛ ይሳሳታል፣ ሁለት ድምቀቶችን ጎን ለጎን ሲያወዳድር ግን ጎበዝ ነው።

መስኮቱን ግን መርሳት አይቻልም። ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት፣ ከሰዓት ጥላ የሚሆን ክፍል ውስጥ የትኛውም ቁጥር ቀኑን ሙሉ ልክ ሊሆን አይችልም። ለዚህ መፍትሔው ወፍራም መጋረጃና ቀኑን ሙሉ የማይለወጥ አምፖል ነው። ይህ ካልተደረገ ቀጥሎ የምናወራው መሣሪያ የተገዛው በከንቱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «የትኛው ነጭ?» የሚል ነው። ነጠላ ለባሽ አገር ውስጥ ይህን ማስረዳት ከባድ አይደለም። አንዱ ነጠላ በቀትር ጥላ ውስጥ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ በሻማ ብርሃን ወርቃማ ይሆናል፤ ያያቸው ሰው ግን ሁለቱንም ጊዜ ነጭ ነው ይላል። ዓይን ክፍሉ ውስጥ ካለው ብርሃን ጋር ራሱን ያስማማል። ሞኒተር ፊት ሲቀመጥ ግን ግራ ይጋባል፣ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ ሁለት ብርሃን ነው ያለው፤ የስክሪኑና የአምፖሉ። ብዙ ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ነጫቸው 7000 ኬልቪንና ከዚያ በላይ ነው፣ ማለትም ወደ ሰማያዊ ያጋደለ። እዚያ ላይ የሚሠራ ሰው ነጠላው ቀዝቀዝ ብሎ ስለሚታየው የላይትሩምን የቴምፕሬቸር መሳቢያ ወደ ቢጫ ይገፋዋል። አልበሙ ሲመጣ ነጠላው ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ የከረመ ይመስላል።

ለፎቶ ኤዲቲንግ ዓለም የተስማማበት ዒላማ D65 ይባላል፤ 6500 ኬልቪን ገደማ የሆነ የቀን ብርሃን ነው። የኅትመት ሰዎች ደግሞ ወረቀት የሚያዩት በD50፣ ማለትም በ5000 ኬልቪን ብርሃን ሥር ነው፤ ለዚያ የወጣ ዓለም አቀፍ መስፈርት አላቸው። ከዚህ ተነስቶ ሞኒተሩንም 5000 ላይ የሚያደርግ ሰው አለ፣ ሲያየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ሆኖበት ይተወዋል። በተለይ በየሱቁ የምናገኛቸው ነጭ ኤልኢዲ አምፖሎች ብዙዎቹ 6500 ኬልቪን የተባሉ በመሆናቸው፣ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ D65 ከማንም በላይ ያስኬዳል። ወረቀቱ አጠገቡ ሲያዝ ስክሪኑ አሁንም ሰማያዊ ከመሰለ ወደ 6000 ዝቅ ማድረግ ነውር የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኬልቪን ነጩ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ የት እንደቆመ ብቻ ነው የሚናገረው። ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ያጋደለ ነጭም በመለኪያ «6500» ሊወጣለት ይችላል። ስለዚህ የሪፖርቱ ገጽ ላይ መታየት ያለባቸው ሁለቱ መጋጠሚያ ቁጥሮች ናቸው። የD65 ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

```
x = 0.3127   y = 0.3290
```

x ልክ ሆኖ y ከፍ ካለ ነጩ አረንጓዴ ለብሷል፤ y ዝቅ ካለ ወደ ሮዝ ሄዷል። በአረንጓዴ ነጭ ላይ ኤዲት የተደረገ የሐበሻ ፊት ሲታተም ቀልቶ ይወጣል፣ ምክንያቱም ሠሪው የሌለ አረንጓዴ ሲያጠፋ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች የሚያነበው ከለሪሜትር የሚባል መዳፍ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ነው። ካሊብራይት የሚሠራቸውና የዳታከለር ስፓይደር የታወቁት ናቸው። ውስጡ ብርሃን የሚለቅሙ ሴንሰሮች አሉ፤ ፊታቸው ላይ የሰው ዓይን ቀለም የሚያይበትን መንገድ የሚመስሉ ማጣሪያዎች ተጋርደዋል። መሣሪያው በገመዱ ላይ ባለው ክብደት ሚዛን ከሞኒተሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ የስክሪኑ መሃል ላይ ይተኛል። ፕሮግራሙ ሥሩ ቀለም እየቀያየረ ያሳያል፣ መሣሪያው ያነባል፣ ፕሮግራሙ በታዘዘውና በተነበበው መካከል ያለውን ልዩነት ይመዘግባል።

ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ ማረሚያው የት ይቀመጥ የሚለው ነው ዋናው ጉዳይ። በተራ ሞኒተር ማረሚያው የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ካርዱ ለእያንዳንዱ ቀለም በተለምዶ 256 ደረጃ አለው። ሞኒተሩ ሰማያዊ ካበዛ፣ ካርዱ የሰማያዊውን ጣሪያ ለምሳሌ ከ255 ወደ 220 ያወርዳል። ያኔ 256ቱ ደረጃዎች በ221 ቦታ መጨናነቅ አለባቸው፣ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ይሆናል። ፊት ላይ ላያስታውቅ ይችላል። ከእንጦጦ በተነሳ ፎቶ ሰማዩ ላይ ግን ወደ አድማስ እየሳሳ በሚሄደው ሰማያዊ ውስጥ እንደ ጥብጣብ የተደራረበ መስመር ሆኖ ይወጣል። ፋይሉ ውስጥ የሌለ መስመር ነው።

የሃርድዌር ካሊብሬሽን የሚባለው ማረሚያውን ከኮምፒውተሩ አውጥቶ ሞኒተሩ ውስጥ ማስገባት ነው። እንደ ኤይዞ ከለርኤጅና የቤንኪው ኤስደብልዩ ተከታታዮች ያሉ የፎቶ ሞኒተሮች ውስጣቸው የራሳቸው የማረሚያ ሠንጠረዥ አላቸው፤ 14 ወይም 16 ቢት ነው። 14 ቢት ማለት ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 ደረጃ ማለት ነው። ከኮምፒውተሩ የሚመጣው 256 ደረጃ ሳይነካ ይገባል፣ ነጩም ጋማውም የሚታረመው እዚያ ሰፊ ሠንጠረዥ ላይ ስለሆነ አንዱ ደረጃ አንዱን አይውጠውም። ብራይትነሱንም ፕሮግራሙ ራሱ የኋላ መብራቱን እያዘዘ ያስተካክላል። ሌላው ጥቅሙ ማረሚያው ከሞኒተሩ ጋር መኖሩ ነው፤ መብራት ቢጠፋም፣ ኮምፒውተሩ ቢቀየርም አይጠፋም። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ግን ሞኒተሩን የሚገልጸው አይሲሲ ፕሮፋይል መጫን አለበት፣ አለዚያ ፎቶሾፕ ከማን ጋር እንደሚነጋገር አያውቅም።

አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተል። ሞኒተሩ ባለ 27 ኢንች፣ ቀለም የማሳየት አቅሙ ሰፊ የሆነ አይፒኤስ ነው። ጠረጴዛው ላይ 350 ሉክስ ተለክቷል፣ ስለዚህ የድምቀት ዒላማው 100 ኒት ነው። ነጩ D65፣ ጋማው 2.2፣ ጥቁሩ ደግሞ ሞኒተሩ በሚችለው መጠን ዝቅ ይበል።

ሞኒተሩ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ይሠራል፣ መብራቱ ሳይሞቅ የተለካ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ሌላ ነውና። መብራት ሄዶ ከመጣም ግማሽ ሰዓቱ እንደገና ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ ስክሪን የሚያቀላው የኮምፒውተሩ ናይት ላይት ይጠፋል፣ ኤችዲአር ይጠፋል፣ የክፍሉን ብርሃን እያየ ድምቀት የሚቀያይረው የሞኒተሩ ሴንሰርም ይጠፋል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከቀረ በልኬቱ መሃል ቁጥሩ ይሸሻል። ቀጥሎ ሞኒተሩና ኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ገመድ ይገናኛሉ። ይህን ገመድ ካርቶን ውስጥ ትቶ «ፕሮግራሙ ሞኒተሩን አላየውም» ብሎ ግማሽ ቀን የሚያባክን ሰው ብዙ ነው፤ የምስሉ ገመድ ምስል ያመጣል እንጂ በብዙ ሞኒተሮች ላይ ማረሚያውን ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ዩኤስቢው ነው።

ከዚያ ስክሪኑ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ መሣሪያው በክብደቱ እንዲለጠፍና ከጎን ብርሃን እንዳይገባ። ፕሮግራሙ ዒላማዎቹን ይቀበልና ይጀምራል። መጀመሪያ የሚያነበው ሞኒተሩ እንደመጣ ያለበትን ሁኔታ ነው፤ 290 ኒት፣ 7200 ኬልቪን አካባቢ እንበል። ብራይትነሱን ደረጃ በደረጃ እያወረደ ከመቶ ሠላሳ ገደማ ላይ ሲደርስ 100 ኒትን ያገኛል። ቀጥሎ ግራጫዎቹን ከጥቁር እስከ ነጭ ያልፋል፣ ከዚያ ቀለማቱን። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ አምፖሉን ማብራትና ማጥፋት፣ ስክሪኑን መንካት አያስፈልግም።

ሲያበቃ የሚታየው ሪፖርት ይህን ይመስላል፦ ድምቀት 99.6፣ x 0.313፣ y 0.329፣ ጥቁር 0.10። ጥቁሩና ነጩ ሲካፈሉ አንድ ሺህ ለአንድ ገደማ ይመጣል፣ ይህም ከአይፒኤስ የሚጠበቅ ነው። ከሥሩ ዴልታ ኢ የሚባል ቁጥር አለ፣ በታዘዘው ቀለምና በወጣው ቀለም መካከል ያለው ርቀት ነው። ከአንድ በታች ከሆነ ዓይን ለመለየት ይቸገራል፤ አማካዩ ከአንድ በታች፣ ትልቁ ከሁለት በታች ከሆነ ሥራው ጥሩ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ድንጋጤ ነው። ስክሪኑ ደብዝዟል፣ ቢጫ ሆኗል፣ ያለፈው ወር ሰርግ ሲከፈት ጨልሟል። «መሣሪያው አበላሸብኝ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ዓይን ነጩን ለመልመድ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፣ ቢጫነቱ ያልፋል። የጨለመው የድሮ ፋይል ግን አያልፍም፤ ያኔም እንዲሁ ነበር፣ የሙሽራዋ እናትም ያዩት ይህንኑ ነው። የታተመውን አልበም ከስክሪኑ አጠገብ ማስቀመጥና ማወዳደር ነው። ከተመሳሰሉ ካሊብሬሽኑ ሠርቷል።

የሪፖርቱን ቁጥር ብቻ አምኖ መሄድ ግን አይበቃም። ዴልታ ኢው 0.5 ሆኖ ነጩ በግልጽ ሮዝ ወይም አረንጓዴ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ምርጫ ላይ ነው። የከለሪሜትሩ ማጣሪያዎች የሰው ዓይንን የሚመስሉት በግምት ነው፤ ስህተታቸው እንደ ሞኒተሩ የኋላ መብራት ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት የመብራቱን ዓይነት ከዝርዝር ውስጥ እንዲመረጥ ይጠይቃል። ለተራ ሞኒተር `White LED`፣ ሰፊ ቀለም ላላቸው `GB-LED` ወይም `PFS Phosphor` የሚሉ አማራጮች ይታያሉ። የተሳሳተው ከተመረጠ መሣሪያው በተዛባ መነጽር ይለካል። በዚያው መነጽር ደግሞ ራሱን ስለሚፈትሽ ሁሉም ነገር ልክ ነው ይላል። ይህን ስህተት ወረቀት ሊይዘው ይችላል። የሞኒተሩ አምራች የራሱን ፕሮግራም ከሰጠ በእሱ መጠቀም የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ የራሱን መብራት ያውቀዋል።

ሌላው ፍተሻ ግራጫ ነው። ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ እያለ የሚሄድ ግራጫ ምስል ስክሪኑን ሞልቶ ይከፈታል። የትኛውም ቦታ ላይ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ብልጭ ካለ፣ ወይም የተቆረጠ መስመር ከታየ፣ ሁለት ማረሚያ ተደራርቦ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቀድሞ በሶፍትዌር ሲሠራ የነበረ አሮጌ ፕሮፋይል ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ማረሚያውን መጫኑን አልተወም። እሱ ሲነሳ መስመሩም ይነሳል።

የመሣሪያው ሥልጣን ግን ሞኒተሩ ላይ ያበቃል። ደንበኛው ፎቶውን በቴሌግራም ተቀብሎ ስልኩን ፀሐይ ላይ ይዞ የሚያየውን ማንም ካሊብሬት አያደርግለትም። ማተሚያ ቤቱም የራሱ ማሽንና የራሱ ወረቀት አለው። የወረቀቱን ፕሮፋይል የሚሰጥ ማተሚያ ቤት ከተገኘ ፎቶሾፕ ውስጥ ኅትመቱን አስቀድሞ አስመስሎ ማየት ይቻላል። ካልተገኘ፣ አርባ ገጽ አልበም ከማዘዝ በፊት ሦስት ፎቶ በአሥር በአሥራ አምስት ማሳተም ርካሽ ነው፤ አንድ ነጠላ የሞላበት፣ አንድ ጥቁር ሱፍ፣ አንድ ፊት በቅርብ። ነጠላው ላይ የፈትሉ መስመር መታየት አለበት፣ ሱፉ ላይ የደረት ኪሱ ጠርዝ። ስክሪኑ ላይ እየታዩ ወረቀቱ ላይ ከጠፉ ችግሩ አሁን የኅትመቱ ነው፣ ማተሚያ ቤቱን መውቀስም ይቻላል።

ልኬቱ በየወሩ ገደማ ይደገማል፣ የኋላ መብራት ያረጃልና። ሲያረጅ ይደበዝዛል፣ ነጩም ቀስ እያለ ወደ ቢጫ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ልኬት ላይ 100 ኒት ለማግኘት ብራይትነሱ ስንት ላይ እንደቆመ በወረቀት መጻፍ ይጠቅማል። መጀመሪያ 30 ነበረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 45፣ ከዚያ 60 ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን 100 ላይ ተገፍቶ ፕሮግራሙ «ዒላማው ላይ አልደረሰም» ሲል፣ ያ ሞኒተር ለመልእክት መጻጻፊያና ለሒሳብ ሥራ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ለፎቶ ግን ሌላ መፈለግ ነው።